የባህር ጠላቂ ለምን ቀስ ብሎ ይወጣል?

«ወንድሜ ጅቡቲ ዳይቪንግ እየተማረ ነው። ስትወጣ አትቸኩል ይሉታል፣ ለምን? ሲጨርስ ወዲያው ጎንደር መምጣት ይችላል?»

ፒያሳ ቁጭ ብለህ አምቦ ውሃ ስትከፍት አይተህ የለ? ክዳኑ ሳይነካ አረፋ የለውም፤ ስትከፍተው ግፊቱ ድንገት ይቀንስና ጋዙ ይንተከተካል። የጠላቂ ደምም እንደዚያው ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው 4 እጥፍ ነው፤ አየሩንም በዚያው ግፊት ስለሚተነፍስ ሰውነት የማይጠቀምበት ናይትሮጅን ደሙና ስቡ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ ይወጣለታል፣ ከቸኮለ ግን እዚያው ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል።

ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር ባይበልጥ፣ 5 ሜትር ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ቢቆም። ከ30 ሜትር ሲነሳ በድምሩ ወደ 6 ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው።

ክፋቱ ህመሙ ሁልጊዜ ወዲያው አይመጣም። ከሰዓታት በኋላ ትከሻው ወይም ክርኑ ሲጠዘጥዘው «ታንኩን ስሸከም ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል። እግሩ ከደነዘዘማ ጨዋታ የለም፣ ንጹህ ኦክስጅን እየተሰጠው የግፊት ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ማሸት አያድነውም።

ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ የቀረው ናይትሮጅን እዚህም አረፋ ሊሆን ይችላል። ለተከታታይ ቀናት ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን ላይ አይውጣ።