ደቂቃው እኔ ጋ ልክ ነው፣ መምህሩ ጋ ግን የለም

«ሰላም ለሁላችሁ። ለኮርስ ኤሴይ አንድ የዩቲዩብ ንግግር፣ አንድ ፖድካስትና አንድ ፊልም ተጠቅሜአለሁ። መምህራችን ኤፒኤ ተጠቀሙ ብሎናል። ገጽ የሌለውን ነገር እንዴት ነው ሳይት የማደርገው? ደቂቃውን ብቻ ብጽፍ ይበቃል?»

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ኤፒኤ ላይ ቃል በቃል ስትጠቅሺ፣ በገጽ ቁጥሩ ቦታ ጥቅሱ የሚጀምርበትን ደቂቃና ሰከንድ ታስገቢያለሽ። የሚያልቅበትን አይጠይቅሽም። ኤምኤልኤ ቢሆን ኖሮ መነሻውንም መድረሻውንም ትጽፊ ነበር። ሐሳቡን በራስሽ ቃል ካስቀመጥሽው ደቂቃው ግዴታ አይደለም። እኔ ግን የአንድ ሰዓት ሌክቸር ከሆነ አስገባለሁ። ማን ቁጭ ብሎ ሙሉውን ያዳምጥልኛል?

ዩቲዩብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደቂቃው ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው። ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2009 እ.ኤ.አ. ቴድ መድረክ ላይ ስለ «ነጠላ ታሪክ» አደጋ ያደረገችውን ንግግር ከዩቲዩብ ወሰድሽ እንበል። ለኤፒኤ ደራሲው ቪዲዮውን የጫነው ቻናል ነው። ጥቅስሽ 12 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ላይ የሚጀምር ቢሆን እንዲህ ይሆናል፦

```
(TED, 2009, 12:34)
```

የአዲቼን ስም በዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ትጠሪዋለሽ፤ አለበለዚያ ማን እንደተናገረው አይታወቅም። ያንኑ ንግግር ከራሱ ከቴድ ድረ ገጽ ከወሰድሽው ግን በ TED ፋንታ Adichie ይገባል። ደቂቃውን ለማረጋገጥ ደግሞ በዩቲዩቡ ሊንክ መጨረሻ ላይ `&t=754s` ጨምረሽ ክፈቺው። 754 የመጣው 12 ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ቀይሬ 34 ስለደመርኩበት ነው። ቪዲዮው ጥቅሱ ላይ ከጀመረ ጨርሰሻል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ፖድካስቱ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ከአንድ የአሜሪካ ፖድካስት እንግዳው የተናገረውን ጠቅሼ 23:40 ብዬ ጻፍኩ። ሦስቴ ነው ያዳመጥኩት፣ እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ጥቅሱ ሥር በቀይ ተሰምሮበት «እዚህ ቦታ የለም» ተብሏል። ነጥቡ ሄደ። ከዚያ በላይ ያናደደኝ ግን ፈጥሬ የጻፍኩ መምሰሌ ነው።

ቨርጂኒያ ላለው ለአክስቴ ልጅ ያንኑ ክፍል እንዲከፍተው ላክሁለት። እሱ ጋ ንግግሩ የተገኘው 26:10 ላይ ነው። የሁለት ደቂቃ ተኩል ልዩነት። ቆጠርነው፦ መጀመሪያ ላይ ሁለት ማስታወቂያ፣ መሃል ላይ ሦስት፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ። እኔ ጋ አንድም አልነበረም። ብዙ ፖድካስቶች ማስታወቂያውን የሚሰኩት ክፍሉ ሲወርድ ነው፤ እንደ አገሩና እንደ ቀኑ ይለያያል። ስለዚህ አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ የሰማሽውና መምህርሽ በሌላ ሳምንት ወይም በሌላ አገር ሆኖ የሚሰማው እኩል ርዝመት ላይኖረው ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ የክፍሉን ጠቅላላ ርዝመት በሁለት ስልክ አወዳድሪ፣ ቢቻል አንዱ ውጭ አገር ይሁን። ከተለያየ ደቂቃሽ ይንሸራተታል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ደቂቃውን እጽፋለሁ፣ ግን ብቻውን አልተውም። ጥቅሱን ሳስገባ «እንግዳው ስለ መጀመሪያ ሥራው ከተጠየቀ በኋላ» ዓይነት ምልክት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እከታለሁ። ማስታወቂያው ቢበዛም ቢያንስም ያ ቦታ አይጠፋም። ያዳመጥኩትን ፋይል ደግሞ ውጤት እስኪመጣ ስልኬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፕሮግራሙ የጽሑፍ ቅጂ በድረ ገጹ ላይ ካወጣ ጥቅሴን ከእሱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ጆሮዬን ብቻ አላምንም።

አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ማጫወቻው ላይ በግራ ያለው ያለፈው ጊዜ ነው። በቀኝ በኩል መቀነስ ምልክት ይዞ የሚታየው የቀረው ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ኤሴዩን ሙሉ በቀኙ ጽፎት አርፏል።

ፊልሙ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ለኤፒኤ ደራሲው ዳይሬክተሩ ነው፣ ደቂቃው እንደ ዩቲዩቡ ይገባል። የሚያስቸግረው የቅጂ ልዩነት ነው። የድሮ የአውሮፓ ዲቪዲዎች በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸውን ፊልም በ25 ስለሚያጫውቱት ፊልሙ ያጥራል። ሲኒማ ቤት አንድ ሰዓት ላይ የሚመጣው ትዕይንት እዚያ 57 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ላይ ይመጣል። የዳይሬክተሩ ረጅም ቅጂ የሚባለውም ሌላ ጣጣ አለው። የትኛውን እንዳየሽ ሪፈረንሱ ላይ ከርዕሱ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ጻፊ። ያንቺው ከየት ነው የታየው፣ ከዲቪዲ ነው ከኢንተርኔት? ንገሪኝና አብረን እናየዋለን።