ኤአይ ወይስ ካሜራ፦ ሾት በሾት መወሰን

«ለደንበኛዬ የ40 ሰከንድ ማስታወቂያ ልሠራ ነው። ሁሉንም በኤአይ ልጨርሰው ወይስ ካሜራ ይዤ ልውጣ? እናንተ በምን ትወስናላችሁ?»

እኔ የምወስነው ለሥራው በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሾት ለየብቻ ነው። ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ወርቅ ሠሪ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ማስታወቂያ ስሠራ፣ ሁሉንም በኤአይ ለማውጣት ሁለት ቀን ከደከምሁ በኋላ ስክሪፕቱን በ9 ሾት ከፋፈልሁት። ከዚያም በእያንዳንዱ አጠገብ ሳይቆረጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ እጅ ዕቃ ይነካ እንደሆነና የሚነበብ ጽሑፍ ይኖረው እንደሆነ ጻፍሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የእጁ ጉዳይ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ እጅ ብዙ ጊዜ ደህና ይወጣል፤ ባለሙያው ቀጭኑን የብር ሽቦ በወረንጦ ይዞ ወደ ጉትቻው ሲያስጠጋ ግን ጣቱ ከወረንጦው ጋር ይዋሃዳል፣ ሽቦውም ማንም ሳይነካው ቅርጹን ይቀይራል። መሣሪያው የሚገምተው ምስሉ ምን ሊመስል እንደሚችል እንጂ ሽቦ ሲያዝ እንዴት እንደሚታጠፍ አይደለምና። ስሕተቱ በመደበኛ ፍጥነት ሲታይ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ እጁ ከዕቃ ጀርባ አልፎ ብቅ የሚልበትን ቦታ ፍሬም በፍሬም ይመልከቱ። ደግሞም ገዢው የሚያምነው ያንን እጅና ያንን ጉትቻ በመሆኑ፣ እንከን የለሽ ሆኖ ቢወጣ እንኳ ያልተሠራ ጌጥ ማሳየትን አልደግፍም።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ለምሳሌ የጉግል ቪዲዮ ሠሪ ኤአይ የሆነው ቬኦ 3 በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ቢበዛ 8 ሰከንድ ነው። የመጨረሻውን ፍሬም ለቀጣዩ መነሻ አድርጎ ማስረዘም ይቻላል፤ እኔ ስሞክረው ግን በሦስተኛው ቅጥያ የሰውየው ፊትና የሸሚዙ አንገትጌ ተለውጠው አገኘኋቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ የሚታይበትን ሾት በካሜራ እቀርጻለሁ።

በሱቁ ሰሌዳ ላይ የወጣው ጽሑፍ ፊደላችንን የሚመስል፣ ነገር ግን የማይነበብ ጭረት ነበር። ይህ ቀላል መፍትሔ አለው፦ ባዶ ሰሌዳ አስወጥቶ ስሙን በኤዲቲንግ ጊዜ መጻፍ ነው። ካሜራው የማይንቀሳቀስበት ሾት ከሆነ ጽሑፉ ከሰሌዳው ጋር እንዲሄድ ማስከተል ስለማያስፈልግ ሥራው ያጥራል።

በመጨረሻ የእጁንና የጌጡን 5 ሾቶች ወርክሾፑ ውስጥ መስኮት አጠገብ ስልክ በትራይፖድ አቁሜ በግማሽ ቀን ቀረጽሁ፤ 24 ሰከንድ ሆኑ። የቀሩትን 16 ሰከንዶች እያንዳንዳቸው 4 ሰከንድ በሆኑ የኤአይ ሾቶች ሞላሁ፦ የቀለጠ ወርቅ፣ ጭስ፣ በጨርቅ ላይ የሚያልፍ ብርሃንና በባሕር ዛፍ መካከል የሚወርድ የንጋት ጉም። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታየውን ከተማም ሞክሬ ነበር፤ ሕንፃዎቹ የአዲስ አበባ እንዳልሆኑ ባለሱቁ ገና በመጀመሪያው እይታ ስለለየ ጣልሁት።