«ስለ ራስሽ ትንሽ ንገሪን»፦ የአዲስ ነርስ የመጀመሪያ የዋርድ ስብሰባ (ጥያቄና መልስ)

የሕፃናት ዋርድ ኃላፊ ነኝ። ነርስነት ከጀመርኩ 19 ዓመት፣ ኃላፊ ከሆንኩ ደግሞ 8 ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ነርስ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥታ ራሷን ስታስተዋውቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም በጊዜዬ ቆሜ አበላሽቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጀማሪዋ፦ ሲስተር፣ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ስብሰባዬ ነው። «ስለ ራስሽ ትንሽ ንገሪን» ይሉሻል ብለውኛል። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ምኑን ልንገራቸው?

መልስ፦ ከአንድ ደቂቃ አትለፊ። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ፈረቃ ሲቀያየር ነው፤ ግማሹ ሰው ሌሊቱን ሲሠራ ያደረና ቤቱ ለመሄድ የቸኮለ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ምኑን ላልሽው፣ አንድ ነገር አስቢ። በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ላይ ታማሚ የሚያከፋፍለው ተረኛ አስተባባሪ ነው። እሱ የቅጥር ፈተናሽ ላይ አልነበረም፣ ፋይልሽንም አላየም። ስለ አንቺ የሚያውቀው በዚያች አንድ ደቂቃ የሰማውን ብቻ ነው። ስለዚህ የት እንደ ተማርሽና ሙያውን ለምን እንደ ወደድሽው ከምትነግሪው ይልቅ ለብቻሽ የምትሠሪውን፣ ሰው አጠገብሽ ቆሞ የምትሠሪውን፣ ገና ነክተሽው የማታውቂውን ለይተሽ ንገሪው። እሱ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የቀረው ስምሽ፣ እንዴት ብለው እንዲጠሩሽ እንደምትፈልጊ፣ ከየት ዓይነት ክፍል እንደመጣሽ፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሆንሽና ከማን ጋር እንደምትሠሪ ነው።

ነባሩ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው በተሰበሰበበት «ይህን አልችልም» ያለ ነርስ ያ ስም ይለጠፍበታል። ዓመት ቆይቶ እንኳ «እሱ እኮ አይችልም» ይባላል። እንዲህ ያለው ለኃላፊዋ ለብቻዋ ነው የሚነገረው።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ስም ሲለጠፍ እኔም አይቻለሁ። ዝርዝሩን ለኃላፊ ለብቻ መንገርም ትክክል ነው። ግን ኃላፊዋ ሌሊት የለችም። እርስዎ የነገሯት ነገር እሷ ቤት ተኝታ ሳለ ለማን ይጠቅማል?

አንድ የደረሰ ነገር ልንገርዎት። ከአዋቂዎች የቀዶ ጥገና ክፍል የመጣች፣ አራት ዓመት የሠራች ጎበዝ ነርስ ነበረች። በስብሰባው ላይ «ልምድ አለኝ፣ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም» ብላ ተቀመጠች፤ እኛም አመንናት። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት 8 ኪሎ የሚመዝን ትኩሳት ያለበት ሕፃን ደረሳት። የታዘዘለት ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ አስልታ 120 አገኘች፣ ስሌቱ ልክ ነው። ቀን ቀን ስታየው የነበረው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ነበር። ስለዚህ 5 ሚሊ ሊትር ቀዳች። የዚያን ሌሊት ጠርሙስ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘው ነበር። መቅዳት የነበረባት 2.4 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከእጥፍ በላይ ይዛ ወደ አልጋው ሄደች።

ቴርሞሜትር ልትወስድ የመጣች ባልደረባዋ ጠርሙሱን አንብባ አስቆመቻት። ሕፃኑ አልወሰደውም። ግን ያዳነን አሠራራችን አልነበረም፤ የቴርሞሜትር እጥረት ነው።

ልብ ይበሉ፣ ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። አራት ዓመት ሙሉ የሰጠችው ክኒንና መርፌ ነው፤ የሽሮፕን ጥንካሬ ከጠርሙሱ ላይ ማንበብ በእጇ የለመደ ነገር አልነበረም። እኛ ደግሞ ስሌቷን የሚያይ ሰው አላቆምንላትም፣ «የሚያስቸግረኝ የለም» ብላናለችና። «ለልጅ መድኃኒት በኪሎ አስልቼ አላውቅም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ኖሮ ለመጀመሪያው ወር ሁለተኛ ዓይን ይመደብላት ነበር።

ነባሩ፦ ምሳሌው ገብቶኛል። ቢሆንም እርስዎ ያሉበት ዋርድ ደግ ሰዎች ያሉበት ይመስለኛል። ሁሉም እንደዚያ አይደለም።

መልስ፦ ይህን መካድ አልችልም። የሚያላግጥ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ቢያንስ ለየፈረቃው አስተባባሪ በርክክብ ሰዓት ለየብቻ ይንገሩት። አድካሚ ነው፣ ግን ያደርሳል።

ከቀዶ ጥገና የተዛወርኩ፦ ታዲያ ያቺ ልጅ ምን ማለት ነበረባት? ቃል በቃል ይጻፉልኝ፣ እኔም ተመሳሳይ ዝውውር ላይ ነኝ።

መልስ፦ እንዲህ ብትል እወድ ነበር፦

«ስሜ እገሊት ነው። አራት ዓመት የአዋቂዎች ቀዶ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ቁስል ማሸግ፣ የደረት ቱቦ መከታተል፣ ለአዋቂ ካኑላ ማስገባት ለብቻዬ እሠራለሁ። ለልጅ ካኑላ ያስገባሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ሰው አጠገቤ ቆሞ። የልጆች መድኃኒት በኪሎ አስልቼ ሰጥቼ አላውቅም፤ እስክለምድ ከመስጠቴ በፊት ስሌቴንና የቀዳሁትን አንድ ሰው እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ፈረቃ ነኝ፣ አብራኝ ያለችው እገሊት ናት።»

«ሁለት ጊዜ» የሚለውን አስተውይ። «ትንሽ ልምድ አለኝ» ብትል አንዱ ሃያ፣ ሌላው አንድ አድርጎ ይሰማል። ቁጥር ስትናገሪ ግን ሁሉም አንድ ነገር ይሰማል። ደግሞ የማታውቀውን ተናግራ ዝም አላለችም፤ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጨመረች። ነባሩ ወንድማችን የፈሩት ስም የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ «አልችልም» ብሎ በሚያቆም ሰው ላይ ነው።

ተመራቂው፦ እኔ ገና መመረቄ ነው። ለብቻዬ የምሠራው ነገር የለኝም። ታዲያ ባዶዬን ልቁም?

መልስ፦ ባዶ አይደለህም። በተግባር ልምምድ የሠራኸውን መዝገብ አውጣና እይ። የደም ግፊት፣ የሙቀትና የትንፋሽ ልኬት፣ አልጋ ላይ ያለ ታማሚን ማገላበጥ፣ ካቴተር በመምህር ፊት አምስት ጊዜ ማስገባት፤ እነዚህን በቁጥራቸው ተናገር። ከዚያ «ደም ሲሰጥ አይቻለሁ፣ ሰጥቼ ግን አላውቅም» በል። ማየትንና መሥራትን የሚለይ ተመራቂ ሳይ ሌሊት ላይ ልተኛ እችላለሁ።

ከልምምድ ላይ፦ እኔ ታማሚው አልጋ አጠገብ ስደርስ ሁሌ ይጠፋብኛል። ስሜን ነው ወይስ የመጣሁበትን ጉዳይ የማስቀድመው?

መልስ፦ ያንቺ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እኛ የያዝነው ከባልደረቦች ጋር ያለውን ነው። ባጭሩ ግን ስምሽን፣ ነርስ መሆንሽን፣ አሁን ምን ልትሠሪ እንደመጣሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ተናገሪ።

እናት ልሆን፦ ላቴክስ ጓንት ያሳክከኛል፣ ያብጠኛልም። ደግሞ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለቱንም በስብሰባ ላይ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ ሁለቱን ለያያቸው። የላቴክሱን ተናገሪ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንቺ የምታጠልቂው ጓንት ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ባልደረባሽ አጠገብሽ ዱቄት ያለው የላቴክስ ጓንት ስታወልቅ ዱቄቱ የላቴክሱን ፕሮቲን ይዞ በአየር ይበተናል፤ ስለዚህ እሷም ማወቅ አለባት። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ለሠራተኞች ጤና ክፍል አስመዝግቢው። ዛሬ ማሳከክ የነበረው ነገ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል።

እርግዝናሽ ያንቺ ነው፣ በስብሰባ ላይ መናገር ግዴታ የለብሽም። ለኃላፊሽ ግን በዚያው ቀን ለብቻዋ ንገሪያት። የካንሰር መድኃኒት የሚዘጋጅበት፣ አልጋ ላይ ራጅ የሚነሣበት፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የተጠረጠረ ልጅ የተኛበት ክፍል እንዳትመደቢ ማድረግ የምትችለው ካወቀች ነው። ምክንያቱን ለሌሎቹ ሳትናገር ምደባውን መቀየር ትችላለች፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከሌላ ሆስፒታል፦ የነበርኩበት ቦታ ርክክብ የሚደረገው አልጋ አጠገብ ታማሚውን እያዩ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከወረቀት ያነባሉ። በመግቢያዬ ላይ ባነሣው ጥሩ ጅማሬ አይሆንም?

መልስ፦ ያበላሸሁት ያልኳችሁ ይህንኑ ነው! እኔም ስለ ራሴ ተጠይቄ ስለ ርክክብ ተናገርኩ፣ «እኛ ጋ» እያልኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ፤ አልጋ አጠገብ ሲሆን የተዘጋ ግሉኮስና የተነቀለ ኦክሲጅን እዚያው ይታያል። ግን የሰሙት አሠራሩን ሳይሆን «እናንተ አታውቁም» የሚለውን ነው። ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሐሳቡን አመጣና ተቀበሉት። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን አደርጋለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ሳምንት በእነሱ አሠራር ሥራ፣ ምን እንደሚያመልጥ ማስታወሻ ያዝ፣ ከዚያ በአንድ የተወሰነ ታማሚ ምሳሌ አንሣው።

ድምፄ የሚንቀጠቀጥ፦ ሰው ፊት ስቆም ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋል።

መልስ፦ ትንሽ ካርድ ላይ ጻፍና አንብበው። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት የሚያነብ ሙያ ላይ ነህ፣ ማንም አይታዘብህም። አንድ ነገር ብቻ፦ ገና ያልሠራኸውን መጨረሻ ላይ አታስቀምጠው። ድምፅህ የሚጠፋውም፣ ሰው ቦርሳውን የሚያነሣውም እዚያ ላይ ነው። ከስምህና ከመጣህበት ክፍል ቀጥሎ በለው።

ጀማሪዋ፦ ተመልሼ መጣሁ። መስማታቸውን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከስብሰባው በኋላ የሚጠይቁሽን አድምጪ። «ሦስተኛው አልጋ ላይ ደም ሊሰጥ ነው፣ መጥተሽ እይ» ካሉሽ ሰምተዋል። «ደም ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?» ካሉሽ አልሰሙም፤ አትቆጪ፣ ድገሚላቸው። የማታ ፈረቃ ስትገቢ ደግሞ እንደ አዲስ ነው፣ አብዛኞቹ በስብሰባው ላይ አልነበሩም።

አስተባባሪ ነኝ፦ እኛ ጋ ማን ምን እንደሚችል በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ የሚል ሐሳብ አለ። ያኔ ይህ ሁሉ ንግግር አያስፈልግም። ሞክረውት ያውቃሉ?

መልስ፦ ሞክረናል። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ አረጀ። «ገና» ተብሎ የተጻፈላት ልጅ አሥር ጊዜ ሠርታው ነበር፣ የሚያስተካክለው ግን አልተገኘም። ጎብኚ ቤተሰብም ያነበው ነበር፣ እሱን አልወደድኩትም። አሁን አስተባባሪው በእጁ በሚይዘው የምደባ ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ እንጽፈዋለን፣ ነርሷ ራሷ ታርመዋለች። ይህም ቢሆን ደብተሩ ሲያልቅ አዲሱ ላይ መገልበጥ ይረሳል። የተሻለ ያላችሁ ካላችሁ እኔም ጠያቂ ነኝ።