«ጋሼ፣ እሁድ ልጫወት?»

ሰሞኑን አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለልኝ። ኳስ ሲያሳድድ ታፋው ከኋላ «ጧ» ብሎበት ሁለት ሳምንት አርፏል። «ጋሼ፣ አሁን ምንም አያመኝም። እሁድ ልጫወት?» አለኝ። ጡረታ እስክወጣ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይገርመኝም። ግን በሰማሁት ቁጥር አንድ የመንዝ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ያኔ በትርፍ ጊዜዬ የአንድ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ልጁ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነው። አንድ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሜዳውን ሳይለቅ፣ ረጅም ኳስ ተጣለለት። ማንም አልነካውም። ሙሉ ፍጥነት ላይ እንዳለ ታፋውን ከኋላ ያዘና እያነከሰ ቆመ።

ይህ ጉዳት እንዲህ ነው የሚመጣው። ስንፈጥን እግራችን ወደ ፊት ይወረወራል። መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው የታፋው የኋላ ጡንቻ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። እየተለጠጠ ሳለ መጎተትም አለበት። ስንጥቁ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ከኋላ ካሉት ሦስት ጡንቻዎች በሩጫ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በውጭ በኩል ያለው ነው።

ማታ ቤት ሲገባ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። ዘይት ተሞቀ፣ ታፋው በደንብ ታሸ። የመታሸት ፍቅራችን መቼም አይጣል ነው! በሦስተኛው ቀን ሳየው ከታፋው እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ ጠቁሯል። የደማ ጡንቻ ሲታሽ ይብስ ይደማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሙቀት፣ እሽትና መጠጥ አይነካም። በላስቲክ ፋሻ ጠበቅ ማድረግ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ለአሥራ አምስት ደቂቃ መያዝ ይበቃል። በረዶ ከሌለ የደብረ ብርሃን የቧንቧ ውሃ ምን ያንሰዋል? ከዚያ በኋላ ሕመም እስካላመጣ ድረስ መራመድ ነው። አልጋ ላይ መክረም ጡንቻውን ያደክመዋል።

የፍጻሜው ጨዋታ በሦስተኛው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ላይ ነበር። ልጁ በደንብ ይራመዳል፤ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ኳስም ይመታል። አሰልጣኙ «ድኗል» አለ። ዓርብ ዕለት መረመርኩት። ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ እግሩን ቀስ ብሎ ሲያነሳ ደህና ነው። «አሁን ቶሎ ወደ ላይ ወርውረው» ስለው ግን መሀል ላይ ያዝ አደረገው። «ያምሃል?» አልኩት። «አያመኝም፣ ብቻ ፈራሁ» አለኝ። ለአሰልጣኙ ገና ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ አልኩት። «ምኑን አይተህ?» አለኝ። ፍርሃቱን ብለው ማን ይሰማኛል?

እሁድ ጠዋት በጣርማበር ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ይጨፍራሉ። ደብረ ሲና ገደል ላይ ጭላዳዎቹን ለማየት ካልቆምን ብለው ሹፌሩን አስቸገሩት። ያን ቀን የነበረው ደስታ ዛሬም አይረሳኝም። ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሙቅ ነው፣ «ሙቀቱ ያፍታታዋል» የሚል አልጠፋም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ግሩም ተጫወተ። ከዚያ ከተከላካዮቹ ጀርባ አንድ ኳስ ተጣለ። ተፈተለከ። እዚያው ቦታ፣ ያው እግር። የሁለተኛው ስንጥቅ ከፊተኛው የሰፋ ነበር። ለመሮጥ ወራት ፈጀበት። ከተመለሰም በኋላ ኳስ ከኋላ ሲጣል የማይሮጥ የክንፍ ተጫዋች ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። እኔን የሚቆጨኝ ያ ዓርብ ነው። አርባ ሜትር ለክቼ በሙሉ ፍጥነት ላስሩጠው ብል ኖሮ እግሩ ራሱ ለአሰልጣኙ ይመልስለት ነበር። ሶምሶማ ምንም አይነግርም። ጡንቻው ላይ የሚያርፈው ጫና በጣም የሚጨምረው ፍጥነቱ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ነው።

ለዚህ ነው ቀን አትቁጠሩ የምለው። ግን ልቆጥርላችሁ ነው፤ ካልቆጠርኩ አትለቁኝማ። ቀላል ስንጥቅ፣ ማለትም በማግስቱ ደህና የሚያስኬድ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ለቀናት የሚያስነክስና የሚጠቁረው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ነው፤ ኦፕሬሽን የሚያስፈልገውም አለ። ሕመሙ ወደ መቀመጫ አጥንት በተጠጋ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። መራመድ ካቃታችሁ፣ ታፋችሁ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኛችሁ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ አሺ አትሂዱ።

ፈተናው ሁሌ ከጤነኛው እግር ጋር ነው። መጀመሪያ ቦታውን በጣት ተጫኑት፤ ማመም የለበትም። ቀጥሎ በጀርባ ተኙና የአንዱን እግር ተረከዝ ወንበር ላይ አድርጋችሁ ዳሌያችሁን አንሱ። ጤነኛው ሃያ ጊዜ ከሠራ የተጎዳው ቢያንስ አሥራ ስምንት መሥራት አለበት፤ ያለ ሕመም። ከዚያ አርባ ሜትር ሩጫ ነው፤ በግማሽ ፍጥነት ተጀምሮ በየልምምዱ ከፍ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ታፋው ካልተገተረባችሁ ወደሚቀጥለው ፍጥነት እለፉ፤ ከተገተረ ወደ ፊተኛው ፍጥነት ተመለሱ። ሙሉ ፍጥነቱ ደጋግሞ ካለፈ ድንገት መነሳት፣ መቆም፣ መዞር፣ ከተከላካይ ጋር ኳስ ማሳደድ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያ እግር መወርወር አለ። ፈራሁ ካላችሁ አልዳናችሁም።

ይህ ሁሉ አልፎ ከቡድኑ ጋር ጥቂት ሙሉ ልምምድ ሠርታችሁ፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ተቀይራችሁ ግቡ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደገመው በተመለሱበት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

የዛሬ ልጆች ጫማችሁ ከእኛ ዘመን ደመወዝ ይበልጣል፤ ለማሟሟቅ አምስት ደቂቃ ግን የላችሁም። ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ትሞክራላችሁ። ይቅር፣ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የደወለልኝ ልጅ እንኳ ስንጥቁ የትኛው ጡንቻ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ከጉዳቱ ወዲህ ምን ያህል ፈጥነህ ሮጠሃል ስለው ግን «ሶምሶማ» አለኝ። እሁድ አትጫወትም አልኩት። ቅር አለው።

ከቲክቶኩ ውስጥ አንዱን ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ተንበርክካችሁ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ይይዝና ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት የምትወርዱበትን፤ ኖርዲክ የሚሉትን። ይህን ዘወትር የሚሠሩ ቡድኖች የታፋ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። የተጎዳ ሰው ግን የወንበሩን ፈተና ያለ ሕመም ሳያልፍ አይጀምረውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ አምስት አምስት ጊዜ ሁለት ዙር። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ ስድስት ስድስት ጊዜ። በአንዴ ካበዛችሁት ሁለት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፤ ብዙዎች የሚተዉትም ለዚህ ነው። በጨዋታ ዋዜማ አትሥሩት።