ስልሳው ቀን ሳይሞላ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጥሬ ዛሬ 38ኛ የሥራ ቀኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት 210 ካርቶን ገብቶ 120 ብዬ መዘገብኩ። አለቃዬ ሰው ፊት ተቆጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ምንም ብለውኝ አያውቁም። ባልደረቦቼ ‹ሙከራሽ ሲያልቅ ያሰናብቱሻል› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ሁለት ወር ያደርገዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ግን አሥር ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ ገና 22 የሥራ ቀን አለሽ።

በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ። ስልሳው ካለፈ በኋላ ሥራ ላይ ከቀጠልሽ ግን፣ ደብዳቤ ባይጽፉልሽም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደተቀጠርሽ ይቆጠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። አለቃ ስለ አዲስ ሰው ማስታወሻ ካልያዘ፣ የምዘናው ቅጽ ሲመጣለት ትዝ የሚለው የተቆጣበት ቀን ነው። ያቺ 210 ካርቶን ብቻዋን እንዳትመዝንሽ ሌላውን ሥራሽንም በቁጥር አስቀምጪ።

ከዚህ በፊት የመከርኩት አንድ ልጅ እንዲህ አደረገ። የመዘገባቸውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኞች በሁለት በሁለት ሳምንት ከፍሎ ቆጠረ። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከ140 ደረሰኝ ዘጠኙ ታርመው ነበር። በሚቀጥለው ከ150 አራቱ፣ በሦስተኛው ከ155 አንዱ። ስህተቱን አልደበቀም፤ እንዲያውም ቁጥሩን ከነምክንያቱ ጻፈው። ዘጠኙ የበዙት የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን የቢን ካርድ አያያዝ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው። የሚያሳየው ሲያገኝ ስህተቱ ወረደ። ፍትሐዊ ማስረጃ የምለው ይህን ነው። የተማረበትን ጊዜና ከተማረ በኋላ ያለውን አይቀላቅልም፤ አለቃውም ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። «ታታሪ ነኝ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ማን ያመሳክረዋል?

አንቺም እንዲሁ ቁጠሪ። የ210ሯን ጉዳይ ከነቀኗ ጻፊያት። ለምን ተሳሳትሽ? ሹፌሩ የነገረሽን ሰምተሽ ጻፍሽ ወይስ ራስሽ ቆጥረሽ? አሁንስ እንዴት ነው የምትረከቢው? ሰበብ ፈልገሽ ከሆነ ተዪው፤ መጋዘን የሠራ ሰው ወዲያው ያውቅብሻል።

ከዚያ ስልሳውን ሳትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት አለቃሽን አሥር ደቂቃ ጠይቂያቸው። ሥራ የሚበዛበትን የጠዋት ርክክብ ሰዓት ግን አትምረጪ። «ጋሼ፣ እስካሁን ያለው ሥራዬ ይኸው። ቋሚ ለመሆን ምን ይጎድለኛል?» በያቸው። «እናያለን» ካሉሽ፣ «በየትኛው ሥራ ነው የሚያዩኝ?» ብለሽ ለስለስ አድርገሽ ድገሚላቸው። የነገሩሽን እዚያው ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። በቀሪዎቹ 22 ቀናት የምትቆጥሪው እሱን ነው።