ጥያቄና መልስ፦ የቤንዚኑ እርሳስ ልጆች ደም ውስጥ እንዴት ገባ?

ለዓመታት ደም ውስጥ ያለ እርሳስ በሚለካበት ላብራቶሪ ሠርቻለሁ። ስለ አቧራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። የመኪና ምርጫ ግን የኔ ሥራ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ተማሪዋ፦ እርሳስ ከባድ ብረት አይደል? እንዴት በጭስ ይወጣል?

የሚጨመረው ብረቱ እንዳለ ሳይሆን ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል ፈሳሽ ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቆም ያወቀው በ1921 ነው። ችግሩ ሲቃጠል እርሳሱ ቫልቩና ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ብሮሚንና ክሎሪን ያለበት ሌላ ፈሳሽ አብሮ ተጨመረ፤ ሥራውም እርሳሱን በቀላሉ ወደሚተን ጨው ለውጦ በጭስ ማውጫ መሸኘት ነው። እንግዲህ እርሳሱ አምልጦ የወጣ አይምሰላችሁ፤ እንዲወጣ ታስቦበት ነው።

እስኪ እናስላው። በሊትር ግማሽ ግራም እርሳስ ያለው ቤንዚን ለመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢቃጠል 5 ግራም ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በቀን 10,000 መኪና ቢያልፍ 500 ግራም ይሆናል። ከዚያ ሦስት አራተኛው ገደማ አየር ላይ ወጣ ብንል፣ በየቀኑ በዚያች አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ኪሎ በላይ እርሳስ ይበተናል። ደቃቁ ርቆ ይሄዳል፣ ሻካራው እዚያው መንገድ ዳር ይወርዳል። እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ትንሿ ልጄ እርሳሷን ስታኝክ ነው የምትውለው። ደሟን ላስመርምር?

የመጻፊያው እርሳስ በስም ብቻ ነው እርሳስ። ውስጡ ግራፋይት ነው። ቀጣይ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ፤ ግን አየሩን እኛም እንተነፍሰው የለም እንዴ? ልጆች ላይ ለምን ጸና?

ይሄ ነው ጥያቄ።

ሁሉም ሰው ስለ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚያስበው፣ ባለሙያዎቹም ጭምር። አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 1 ማይክሮግራም እርሳስ አለ እንበል። ትንሽ ልጅ በቀን 6 ሜትር ኩብ ገደማ ቢተነፍስ 6 ማይክሮግራም ወደ ሳንባው ገባ። አሁን ያው እርሳስ ወርዶ የተከማቸበትን አቧራ እንይ። በአንድ ግራም አቧራ 1,000 ማይክሮግራም ቢኖር፣ ይህም ብዙ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚገኝ መጠን ነው፣ እየዳኸ እጁን የሚልስ ሕፃን በቀን አንድ አሥረኛ ግራም ቢውጥ 100 ማይክሮግራም በአፉ ገባ። ከሳንባው ብዙ እጥፍ ነው። አዋቂ ከሚውጠው እርሳስ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ወደ ደሙ ሲገባ፣ ሕፃን ግን እስከ ግማሹን ይመጥጣል። ሰውነቱ አጥንት ሊሠራ ካልሲየም ይፈልጋል፣ እርሳስም ካልሲየም መስሎ ይገባል። ብረት የሚያንሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። አንጎል ውስጥም ያው ማስመሰል ይቀጥላል፤ የነርቮቹ ግንኙነት ገና በሚዘረጋበት ዕድሜ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል።

ለዚህ ነው «ቤንዚኑ ቆመ ማለት አፈሩ ጸዳ ማለት አይደለም» የምለው። ደግሜም እለዋለሁ።

መካኒኩ፦ ለልጆች አዝነው ነው ያስወጡት ብላችሁ ነው? የመኪናውን ጭስ የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ስለሚገድል ነው። ደግሞ ሊዱ ቫልቭ ይጠብቅ ነበር፤ ሲወጣ የስንቱ ሞተር ተበላ።

ግማሹ ልክ ነህ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ አልባ ቤንዚን በስፋት የገባው ከ1975 ሞዴል መኪኖች ኮንቨርተር ጋር ነው። ግን ኮንቨርተር በሌላቸው መኪኖች ቤንዚን ውስጥም እርሳሱ እንዲቀነስ ሌላ ደንብ ወጥቶ ነበር፣ ምክንያቱም ጤና ነው፤ አምራቾቹ ከስሰውም በ1976 ፍርድ ቤት ደንቡን አጸናው። የቫልቩ ነገር በአሮጌ ሞተር እውነት ነው፤ መቀመጫውን በጠንካራ ብረት መለወጥ ፈታው።

መካኒኩ፦ ያኔ ተለማማጅ ሆኜ ካንዴላ ስናጸዳ ግራጫ ዱቄት ነበረው። በአፋችን እፍ እያልን እናራግፈው ነበር።

እሱ ዱቄት እርሳስ ነበረበት። ቱታህን ቤት ወስደህ ከልጆች ልብስ ጋር ታሳጥብ ነበር?

መካኒኩ፦ የት ላሳጥብ ኖሯል?

ከእንግዲህ ለብቻው።

ተጠራጣሪው፦ በዚያው ዘመን የቆርቆሮ ምግብ መበየጃም ቀለምም እርሳሱ ቀንሷል። ቤንዚኑ ነው ያመጣው በምን ታወቀ?

ጥሩ ክርክር ነው፤ ያኔም አምራቾቹ ይህንኑ ብለዋል። ከ1976 እስከ 1980 በአሜሪካ ከመላ አገሪቱ በተመረጡ ሰዎች ላይ ደም ተለካ። አማካዩ በዴሲሊትር ከ14.6 ማይክሮግራም ወደ 9.2 ወረደ። አስቀድሞ የተሠራው ስሌት የጠበቀው ቅናሽ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፣ ትንፋሹን እንጂ አቧራውን በደንብ አልቆጠረማ! የቤንዚን እርሳስ ሽያጭና የደሙ መስመር ተደርበው ሲታዩ አብረው ይወርዳሉ፤ ሰው ብዙ በሚነዳበት በጋ ደግሞ አብረው ብቅ ይላሉ። የቆርቆሮ ምግብ በጋና ክረምት አይለይም። መበየጃው ድርሻ አልነበረውም አልልም፣ ነበረው። መስመሩን የሚያስረዳው ግን ቤንዚኑ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ ወንጀል የቀነሰውም በዚሁ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ተማሪዋ፦ አዎ፣ ግራፉን አይቻለሁ! ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቁጭ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሃያ ዓመት አዘግይተሽ ከመረጥሽ የፈለግሽው ግራፍ ይገጥማል።

ሁለታችሁም ረጋ በሉ። በልጅነት የገባ እርሳስ ጠባይና ትኩረት ላይ እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። የአገር ወንጀል በስንት እጅ በሱ ወረደ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። ወደ አቧራው እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ አሁንስ ቤንዚን ውስጥ አለ?

ተጠይቆ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለመኪና የመጨረሻዋ ሻጭ አልጄሪያ ነበረች፣ በ2021 አቆመች። ባለ ፒስተን ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ግን አሁንም አለ።

የሁለት ልጆች እናት፦ የታላቅየው ደም ከጣት ተወስዶ እርሳሱ 12 ወጣ። ምንም አይታይበትም እኮ። የሚያወጣ መድኃኒት የለም?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጠራጠር። ጣቱ ላይ የነበረ አቧራ ጠብታው ውስጥ ገብቶ ውጤቱን ያስዘልለዋል። እጁ በሳሙና ታጥቦ ደም ከደም ሥር ይወሰድና ይደገም። እኔ በነበርኩበት ቦታ አንዴ ከጣት ከፍ ብሎ የመጣ ልጅ ሲደገም ከሩብ በታች ሆኖ አገኘነው፤ እናቱ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም።

እውነትም 12 ከሆነ፣ ምልክት አለመታየቱ አያጽናና፤ በዚህ መጠን አይታይም። ጉዳቱም በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ ከ1 ወደ 10 ሲወጣ የሚጠፋው የአእምሮ ነጥብ ከ10 ወደ 20 ሲወጣ ከሚጠፋው ይበልጣል። የሚያወጣው መድኃኒት በጣም ከፍ ላለ መጠን ነው፣ ሐኪም ይወስናል። ከ20 እስከ 44 የነበራቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ደሙን አወረደ፣ የትምህርትና የማሰብ ውጤታቸውን ግን አላሻሻለም። ስለዚህ የሚገባበትን ፈልጊ። ቤቱ አሮጌ ቀለም አለው? የሚጫወተው የት ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ድሮ ትልቅ መንገድ የነበረ ዳር፣ ባዶ አፈር ላይ። ቤት ውስጥማ ጠዋት ማታ እጠርጋለሁ።

በደረቅ መጥረጊያ አይሁን። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ደረቁ ከወለል አንስቶ አየር ላይ ነው የሚያወጣው። ከአፈሩ ላይኛውን ሁለት ጣት ያህል ከአራት አምስት ቦታ ዘግነሽ፣ ደባልቀሽ ላብራቶሪ ስጪ፤ ጥልቁን አትቆፍሪ፣ የወረደው እላይ ነው ያለው። ውጤቱ እስኪመጣ ሌላ ቦታ ይጫወት፣ ጫማውም ደጃፍ ላይ ይውለቅ።

አዲስ ገቢ፦ ናፍጣስ?

ናፍጣ ውስጥ አይጨመርም ነበር። የደሙ ምርመራ ሲደገም ቁጥሩን አምጪልኝ።