በሬው ከመገዛቱ በፊት፦ ብቻ ወይስ በሽርክና?

ልጆቼ፣

ደሴ ከተማ ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ መያዝ ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ብቻዬን ልጀምር ወይስ ሸሪክ ልያዝ?» እያላችሁ ስትመጡ ቀድማችሁ የምትነግሩኝ ስለ ሸሪካችሁ ጠባይ ነው፤ ታማኝ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው ትላላችሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሥራው ነው። ገንዘቡ አንዳችሁ ብቻ በምታዩት ቦታ ያልፋል?

በወጣትነቴ ከጓደኛዬ ጋር እህል እነግድ ነበር። እሱ ገጠር ወጥቶ ይገዛል፣ እኔ ከተማ ሆኜ እሸጣለሁ። ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ትርፉ እየቀጠነ ሲሄድ ገዛሁበት የሚለኝን ዋጋ መጠራጠር ጀመርኩ፤ በመጨረሻም ተለያየን። ሰርቆኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ካልሰረቀኝም ይህንኑ የሚያሳይበት ማስረጃ አልነበረውም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በቅርቡ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ በሬ ልታደልብ አስባ መጣች። ከባቲ ሰኞ ገበያ አምስት በሬ ገዝታ፣ ሦስት ወር ቀልባ ለበዓል ልትሸጥ ነው። አንዱ በሬ 60,000 ብር፣ ጭዱ፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው ደግሞ ለአንድ በሬ 20,000 ብር እንደሚፈጅ አስልታለች። በጠቅላላው 400,000 ብር ያስፈልጋታል፤ በእጇ ያለው 180,000 ነው። ደመወዝተኛ የሆነች ጓደኛዋ ቀሪውን 220,000 አምጥታ ትርፉን እኩል እንካፈል ብላታለች።

እያንዳንዱ በሬ 98,000 ብር ቢሸጥ ትርፉ 90,000 ይሆናል። እኩል ቢካፈሉ ለየራሳቸው 45,000 ይደርሳቸዋል። ነገር ግን ሌሊት ተነስታ በረቱን የምታየው፣ የምትቀልበውና የምትጠርገው አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ በወር 8,000፣ በሦስት ወር 24,000 ብር የድካሟ ዋጋ መጀመሪያ ይነሳላት፤ ቀሪው 66,000 እንደ ካፒታላቸው ይከፈል አልኳት። የእሷ ድርሻ 45 በመቶ ነውና 29,700 ብር ይሆናል፤ ከደመወዟ ጋር 53,700። ጓደኛዋ 36,300 ታገኛለች። ብዙ ሽርክና ሲፈርስ ያየሁት ጉልበትና ገንዘብ በአንድ ቁና ስለሚሰፈሩ ነው።

ብቻዋን ብትሠራስ? ገንዘቧ የሚበቃው ለሁለት በሬ ነው፤ ትርፉ 36,000 ብር፣ ሁሉም የራሷ። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ስላልሆነ ብቻዋን መጀመሩ ያጓጓል። አንዱ በሬ መሸጫው ሲቃረብ ቢሞት ግን 80,000 ብር ይጠፋል፤ የሌላው ትርፍ 18,000 ሲካካስ 62,000 ትከስራለች። ለሁለተኛ ዙር የሚሆን ብዙ አይቀራትም። በአምስቱ መካከል አንዱ ቢሞት፣ የአራቱ ትርፍ 72,000 ስለሚይዘው፣ ከደመወዙ በፊት ኪሳራው 8,000 ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዙር ደመወዙ ይከፈላል ወይስ ይቀራል የሚለው ታዲያ ዛሬውኑ መጻፍ አለበት። ለእሷ ሸሪክ መያዝን የመረጥኩላት ትርፉን ለማብዛት ሳይሆን ይህን ሞት ለመሸከም ነው። የጎደላችሁ ገንዘብ ብቻ ሆኖ ሥራው እንዲህ ያለ አደጋ ከሌለው ግን ብድር ወይም ዕቁብ ይሻላል፤ ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል፣ ሸሪክ ግን አብሮ ይኖራል።

የሚቀረው የእኔና የጓደኛዬ ችግር ነው። ከብት ገበያ ውስጥ ዋጋው በገዢ፣ በሻጭና በደላላ መካከል ይቀራል። ስለዚህ ለግዢው ሁለቱም ባቲ ይውረዱ፤ ክፍያው በተቻለ መጠን በባንክ ለሻጩ ይተላለፍ፤ የእያንዳንዱ በሬ ደረት በሜትር ተለክቶ ከዋጋው ጎን ይጻፍ። የደረት ልክ የክብደት ግምት ይሰጣልና፣ በሚቀጥለው ዙር አንዷ ብቻ ብትሄድ እንኳ ሌላዋ ዋጋውን ከልኩ ጋር ማመዛዘን ትችላለች። ጓደኛዋ ሰኞ ከሥራዋ መቅረት ካልቻለች ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው አብሮ ይሂድ። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ሁለቱን በሬ ብቻዋን ትቀልብ፤ በሬ ቢሞት የሚጎዳው ኪስ ነው፤ ጥርጣሬ ግን ጓደኝነቱንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ብዙዎች ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ ለስም ያህል ያስገቡ ነበር። የስም አባል ግን በሕግ ፊት አባል ነው፤ ንብረት ሲፈራ ድርሻዬን ሲል አይቻለሁ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም ይችላል። ለወረቀት ብላችሁ ማንንም አታስገቡ።

ልጅቷና ጓደኛዋ ባለፈው ሳምንት አብረው መጡ። ውሉን ስንጽፍ ብዙ ያከራከረን መውጫው ነበር። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በሬዎቹ በረት ውስጥ እያሉ ማንም ድርሻዬን ስጡኝ አይልም፤ የሚወጣ ሰው ሽያጩ አልቆ ሒሳቡ በተዘጋ በአሥር ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ ካላስታወቀ ለቀጣዩ ዙር ገብቷል ማለት ነው።